ሙስሊሙም ፕሮቴስታንቱም በተቀመጡበት ለቅሶ የትኛው ጥቅስ ይነገራል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? በአዘዞ የአንድ ሰፈር እድር ዳኛ ነኝ። አባሎቻችን ኦርቶዶክስም፣ ሙስሊምም፣ ፕሮቴስታንትም ናቸው። በቅርቡ የአንድ ሙስሊም አባላችን ልጅ ሞቶ፣ ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ የማጽናኛ ቃል ስናገር «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች አትዘኑ» የሚለውን ጠቀስኩና «ነፍሱን በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን» ብዬ ጨረስኩ። አሜን ያለው ከግማሽ አይበልጥም። ከእንግዲህ ጥቅስ ልተው? ብተውስ ክርስቶስን በሰው ፊት መካድ አይሆንብኝም?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወንድማችን። መካድ አይሆንብዎትም። ጌታችን «በሰው ፊት የሚክደኝን» ያለው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ደቀ መዛሙርቱን ሲልክ ነው። እዚያው ምዕራፍ ላይ ወደ ሸንጎና በነገሥታት ፊት እንደሚወሰዱ ይነግራቸዋል። እምነታቸውን ተጠይቀው እንዳይሸሹ ነው ያስጠነቀቃቸው። በዚያ ድንኳን ግን ስለ እምነትዎ የጠየቀዎት የለም። ልጁን ቀብሮ የመጣ አባት ፊት ነው የቆሙት። ስለዚህ ጥቅስ ይተዉ አልልም፤ ለዚያ ቤት የሚሆነውን ይምረጡ ነው የምለው።

የመጀመሪያውን እንየው። 1ኛ ተሰሎንቄ 4፥13ን ቅዱስ ጳውሎስ የጻፈው በክርስቶስ ላመኑት፣ ከእነርሱም አንቀላፍተው ስላሉት ነው። የአንድምታ መምህራን አንድን ቃል ከመፍታታቸው በፊት ማን ተናገረው፣ ለማን፣ በምን ምክንያት ብለው ታሪኩን የሚያመጡት ለዚህ ነው። «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች» ሲል፣ ያን ጊዜ ሰሚዎቹ በአንድ ወገን፣ ያላመኑት በሌላ ወገን ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ለምእመን ሲነገር ቦታው ነው። ድንኳኑ ውስጥ ግን «ሌሎች» የተባሉት ፊት ለፊትዎ፣ ፍራሹ ላይ ተቀምጠዋል። ሐዘንተኛው ራሱ ከእነርሱ አንዱ ነው። ያጽናኑት መስሎዎት ከተስፋ ቢስ ቆጠሩት ማለት ነው። በዚያ ላይ እውነትም አይደለም፤ ሙስሊሞች ትንሣኤንና የፍርድን ቀን ያምናሉ። ሰውን ያላለውን እንዳለ፣ ያለውን እንደሌለው ማድረግ ከጥቅስ አጠቃቀም ጉድለት ሁሉ የከፋው ነው።

ሁለተኛው ረቀቅ ይላል። አብርሃምን ሙስሊሞችም ኢብራሂም ብለው ስለሚያከብሩት የጋራ ቃል ያገኙ መስሎዎታል። ስሙ የጋራ ነው፤ እቅፉ ግን ከሉቃስ 16፣ ጌታ ስለ አልዓዛርና ስለ ባለጠጋው ከተናገረው የመጣ ነው። የእነርሱ ጸሎት ለሟቹ የአላህን ምሕረትና ይቅርታ መለመን ነው፤ ይህንም ሰላተል ጀናዛ ላይ በራሳቸው ሥርዓት አድርሰውለታል። እርስዎ ደግሞ የተናገሩት እንደ አንድ ለቀስተኛ አይደለም፤ እድሩን ወክለው ነው። ያልተስማሙበትን ጸሎት በእነርሱ ስም ሲያሳርጉ፣ ሰዎቹ ወይ ሳያምኑበት አሜን ይላሉ፣ ወይ ዝም ብለው ያሳፍሩዎታል። ግማሹ ዝም ያለው ስለዚህ ነው፤ አይቀየሟቸው።

እንግዲህ ምን ይባል? ለእንዲህ ያለ ድንኳን ከመጽሐፈ ኢዮብ የተሻለ የለም፣ ግን ከየትኛው ምዕራፍ እንደሚወሰድ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ቶሎ የሚያነሣው 1፥21ን ነው፤ «እግዚአብሔር ሰጠ፥ እግዚአብሔርም ነሣ»። ይህን የተናገረው ግን ሐዘንተኛው ኢዮብ ራሱ ነው፤ ሊያጽናኑት የመጡት አይደሉም። አባትየው ራሱ ቢለው እምነት ነው። እርስዎ ከቆሙበት ሆነው ቢሉት ግን «በቃ፣ ተቀበለው» እንደ ማለት ይሆንበታል። አጽናኞች አፋቸውን ሲከፍቱ ምን እንዳሉ ምዕራፍ 8 ላይ አለ። በልዳዶስ ልጆቹን ላጣ አባት ልጆችህ በበደላቸው ነው የሄዱት የሚል ቃል ወረወረለት። መጨረሻው ላይ፣ በ42፥7፣ እግዚአብሔር እነዚህን ወዳጆች ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ብሎ ተቆጣቸው። እነርሱ ከተናገሩት ሁሉ ይልቅ ያማረባቸው ገና ሳይናገሩ ያደረጉት ነው። በ2፥13 እንደተጻፈው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከኢዮብ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ሕመሙ እንደ በረታ አይተው አንድም ቃል አልተናገሩም።

ይህን ታሪክ ነው ይዘው የሚገቡት። ሙስሊሞች ኢዮብን ነቢዩ አዩብ ይሉታል፤ በሰብሩ፣ ማለት በትዕግሥቱ ያከብሩታል። እኛም ያዕቆብ በመልእክቱ 5፥11 «ስለ ኢዮብ ትዕግሥት ሰምታችኋል» እንዳለው እናውቀዋለን። የሰባቱ ቀን ዝምታ ግን በእኛ መጽሐፍ የተጻፈ ነውና «በእኛ መጽሐፍ» ብለው ለይተው ይናገሩት። የጋራ ያልሆነውን የጋራ ማስመሰል አያስፈልግም፤ ባለቤቱ ከታወቀ ሰሚው በነፃነት ይሰማዋል። ቢበዛ ሦስት ደቂቃ ይበቃል፤ እንዲህ ማለት ይቻላል፦

«ወገኖቼ፣ ለቅሷችሁ ለቅሷችን ነው። ልጁን ሁላችንም በዚሁ ሰፈር ሲያድግ አይተነዋል። እናንተ ነቢዩ አዩብ የምትሉት ኢዮብ ልጆቹን ባጣ ጊዜ፣ ወዳጆቹ መጥተው ሰባት ቀን ምንም ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ እንደ ተቀመጡ በእኛ መጽሐፍ ተጽፏል። እኛም ብዙ ለመናገር አልመጣንም፤ አብረናችሁ ለመቀመጥ ነው። እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ዱዓውን ደግሞ ከእናንተ ሽማግሌዎች አንዱ ያድርጉልን።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አይዝለሏት። ጸሎቱን ለባለቤቱ ሲሰጡ፣ እርስዎ በማያምኑበት አይጸልዩም፣ እነርሱም በማያምኑበት አሜን አይሉም። ዱዓው ሲደረግ ዝም ብሎ መቀመጥ አክብሮት ነው። ማማተብ ከፈለጉ ያማትቡ፣ «አሜን በሉ» ብለው ሕዝቡን አያዝዙ እንጂ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» የሚለው አያሳስብዎት፤ ጎንደር ውስጥ ሙስሊሙም የለመደው ቃል ነው። «ፈጣሪ ያጽናችሁ» ቢሉም መልካም። ግን ደስ ለማሰኘት ብለው «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አይበሉ። ከቁርኣናቸው፣ ከሁለተኛው ምዕራፍ፣ የመጣ የእምነት ቃል ነው፤ አማኙ ሲለው ኑዛዜ ነው፣ ከእርስዎ አፍ ሲወጣ ጨዋታ ይመስላል። የራስዎ ጥቅስ በሌላ ሰው አፍ እንዲህ ቢነገር ምን እንደሚሰማዎት ያውቁታል።

ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ነገር አለ። ለሙስሊም የከበደ ሁሉ ለፕሮቴስታንት ይቀላል ብለው ያስባሉ፤ መጽሐፋችን አንድ ነው በሚል። ስለ ሙታን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሙስሊሞች ለሟቻቸው ምሕረት ይለምናሉ፤ «ነፍስ ይማር» በሐሳቡ ከእነርሱ አይርቅም። ፕሮቴስታንቶች ግን ለሞተ ሰው አይጸልዩምና፣ እንደኛ ፍትሐትና ተዝካር የላቸውም። በእነርሱ ለቅሶ ላይ «ነፍስ ይማር» ሲሉ፣ ሰውየው ዳነ ወይስ አልዳነም የሚል ክርክር የከፈቱ ያህል ይሰማቸዋል። እዚያ ቤት ጸሎቱን ወደ ሕያዋኑ ያዙሩት፤ «እግዚአብሔር ያጽናናችሁ» ይበቃል። ለሟቹ መጸለዩን አልተዉም፤ ቤተ ክርስቲያን ገብተው ወይም በቤትዎ በግልዎ ያድርሱት።

ከእነርሱ ጋር ሲሆኑ ጥቅሱ የሚገኝበትንም መጽሐፍ ይመልከቱ። መጽሐፈ ሲራክ 7፥34 ከሚያለቅሱ ጋር ማዘንን የሚያዝ፣ ለእድር የተጻፈ የሚመስል ቃል ነው። ግን በእነርሱ 66 መጻሕፍት ውስጥ የለም፤ በእኛ 81 ውስጥ ነው። «መጽሐፍ እንዲህ ይላል» ቢሉ የትኛው ብለው ይጠይቃሉ፣ ለቅሶውም ወደ ቀኖና ክርክር ይሄዳል። ያንኑ ሐሳብ ሮሜ 12፥15 ይሰጥዎታል፤ «ከሚያለቅሱም ጋር አልቅሱ»። መዝሙረ ዳዊትን ሲጠቅሱ ቁጥር አይጥሩ። እኛ 22 የምንለው «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» እነርሱ ዘንድ 23 ነው፤ የመዝሙሩን መጀመሪያ ቃል መጥራት ይሻላል። «ራስህን እርዳ፣ እግዚአብሔር ይረዳሃል» የሚባለውንም ከመጽሐፍ አያስቆጥሩት፤ አባባል ነው እንጂ በየትኛውም መጽሐፋችን አልተጻፈም።

ሟቹ ከእኛ ወገን ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ቤቱ የእኛ ነው፣ ካህኑ ፍትሐቱን ያደርሳል፣ የተሰሎንቄውም ቃል፣ የአብርሃም እቅፍም በቦታው ይነገራል። ሙስሊሙ ጎረቤት የመጣበትን ቤት ሥርዓት አውቆ ነው፤ ጸሎቱ በእርሱ ስም አልተደረገም። የእድሩ ዳኛ ሆነው ሲቆሙ ግን፣ እዚያም ቢሆን፣ ንግግርዎ የሁሉ ነውና ስብከቱን ለካህኑ ይተዉለት።

«ጳውሎስስ በአቴና ሰብኮ የለም ወይ?» ይሉኝ ይሆናል። ሰብኳል። ግን ልብ ይበሉ፤ በሐዋርያት ሥራ 13፣ በምኵራብ ለአይሁድ ሲናገር መዝሙሩንና ነቢያትን እያጣቀሰ ነው። በምዕራፍ 17፣ በአርዮስፋጎስ፣ ከኦሪቱና ከነቢያቱ በስም የጠቀሰው የለም፤ የጠቀሰው የራሳቸውን ባለ ቅኔዎች ነው። ትንሣኤን በግልጥ የተናገረውም ይህ አዲስ ትምህርት ምንድር ነው ብለው ወስደው ስለ ጠየቁት ነው። እርስዎን ከለቅሶው በኋላ አንድ ጎረቤት ስለ ክርስቶስ ቢጠይቅዎ፣ ያን ጊዜ ሳይሸሹ ሁሉንም ይንገሩት።

ንግግርዎ መሳቱን የሚያውቁት ከሐዘንተኛው ፊት ነው። የተጽናና ሰው ወይ ያለቅሳል፣ ወይ «ኑሩልኝ» ይላል። የተከፋው «እሺ፣ እሺ» እያለ ቶሎ ቶሎ ራሱን ይነቀንቃል፣ ወይም ስለ እምነቱ ማስረዳት ይጀምራል። ማስረዳት ከጀመረ አይመልሱለት፤ «ልክ ነዎት» ብለው ይቀመጡ።

ስላለፈው ደግሞ በእድሩ ስብሰባ አያንሱት፤ በሰው ፊት ሲነሣ ያልሰማውም ይሰማዋል። አንድ ሙስሊም አባል አስከትለው ወደ ቤቱ ይሂዱ። «የዚያን ዕለት ያልኩት ለእናንተ የሚሆን አልነበረም፣ ሆድዎን አስብሼው ከሆነ ይቅር ይበሉኝ» ይበሉትና ጥቅሱን ሳያብራሩ ቡናውን ጠጥተው ይመለሱ።