ወርቁ ወጣ፣ አክሲዮኑስ?

«ካናዳ ያለችው እህቴ የወርቅ አምራች ኩባንያ አክሲዮን ገዝታለች። ወርቅ 10 በመቶ ሲጨምር የሷም 10 ይጨምራል ማለት ነው?» (ከአዳማ)

ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ይወዛወዛል። ኩባንያው አንድ አውንስ ለማውጣት 1,500 ዶላር ይፈጅበታል እንበል። በ2,000 ሲሸጥ 500 ይተርፈዋል። ወርቁ 10 በመቶ ጨምሮ 2,200 ሲገባ ትርፉ 700 ሆነ። ይሄ 40 በመቶ ነው! ወርቁ ወደ 1,800 ከወረደ ደግሞ የሚተርፈው 300 ብቻ ነው። እህትዎ የገዙት ወርቁን ሳይሆን ይህን ትርፍ ነው። ወጪው ባለበት ከቆየ ነው ታዲያ። ናፍጣና ደሞዝ አብረው ከጨመሩ ወርቁ ወጥቶም ትርፉ ፈቀቅ ላይል ይችላል።

«ወርቅ ተወዶ አክሲዮኑ ወደቀ የሚባል ነገር እውነት ነው?» (ከአዳማ)

እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የጋናው አሻንቲ ጎልድፊልድስ ላይ ደርሷል። ኩባንያው ወርቅ እንዳይረክስበት ፈርቶ፣ ገና ከመሬት ያልወጣውን የብዙ ዓመት ምርት በተቆረጠ ዋጋ አስቀድሞ ተዋውሎበት ነበር። የቆቃ ገበሬ ሽንኩርቱን ማሳ ላይ እያለ ለነጋዴ እንደሚሸጠው ማለት ነው። ወርቅ ሲረክስ ውሉ ያዋጣዋል።

መስከረም ላይ የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንኮች የወርቅ ሽያጫቸውን እንደሚገድቡ አስታወቁ። ከ300 ዶላር በታች የነበረው አውንስ በቀናት ውስጥ ከ320 አለፈ። ለወርቅ አምራች ሰርግና ምላሽ መሆን ነበረበት። አሻንቲ ግን የተዋዋለበት ዋጋ ከገበያው በታች ቀረና ውሉ በወረቀት ላይ ትልቅ ኪሳራ አሳየ።

እዚህ ላይ ከሽንኩርቱ ገበሬ ይለያል። ገበሬው ዋጋ ቢወደድ ይቆጨዋል እንጂ፣ ነጋዴው መሀል ላይ መጥቶ «መያዣ ገንዘብ አምጣ» አይለውም። አሻንቲ የተዋዋላቸው ባንኮች ግን «አምጣ» አሉት። ወርቁ አለ፣ ግን መሬት ውስጥ ነው። ጥሬ ገንዘብ ከየት ይምጣ? አክሲዮኑ ተንኮታኮተ። ባንኮቹ መያዣውን ለጊዜው ላለመጠየቅ በመስማማታቸው ኩባንያው ከመክሰር ተረፈ፤ በ2004 ከአንግሎጎልድ ጋር ተዋሃደ። የሚገርመኝ፣ አደጋውን ያመጣው ከአደጋ ሊጠብቀው የተገባ ውል መሆኑ ነው።

«ወርቅ ቤት አለኝ። ልጄ ጀርመን ሆኖ እንዲህ ያለ አክሲዮን ሊገዛ ነው። ምን ይመልከት?» (ከአዳማ)

ዓመታዊ ሪፖርቱን ይክፈትና ሁለት ነገር ይፈልግ። አንደኛ፣ አንድ አውንስ ለማውጣት በጠቅላላ ስንት ይፈጃል? ከገበያው ዋጋ ጋር ከተቀራረበ ትንሽ የዋጋ ለውጥ ትርፉን ይንጠዋል። ሁለተኛ፣ ከሚመጡት ዓመታት ምርት ምን ያህሉ አስቀድሞ ተሽጧል፣ በስንት? ይህ ብዙ ጊዜ ከሂሳቡ ጀርባ ባሉት ማብራሪያዎች ውስጥ ነው የሚገኘው፤ ፎቶ ያለበት ገጽ ላይ አይፈልገው። እርስዎ መሳቢያ ውስጥ ያለው ቀለበት ግን ናፍጣ አይጠጣም፣ ለማንም ቃል አልተገባበትም።