ሪቪው የሚቆለልበት ሰው፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው። ቲሙ ውስጥ አንድ ሰው አለ፤ ፑል ሪኩዌስት ሁሉ እሱ ደጃፍ ላይ ይሰለፋል። ስድስቱን መርጬ መልሻለሁ።

«ስድስት ዴቨሎፐሮች ነን። በአራት ሳምንት 62 ሪቪው ሠርተናል። 31ዱን የሠራው አንድ ልጅ ነው፤ ሁለተኛው 12፣ ቀሪውን ሌሎቻችን ተካፈልነው። አለቃችን ‹ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው› ብሎ ከእንግዲህ እኩል እኩል ይሁን አለ። ልክ ነው?» (ቲም ሊድ፣ አዲስ አበባ)

ተረቱን እወደዋለሁ። ችግሩ ሎሚዎቹ እኩል አይደሉም። አንዱ ሎሚ ነው፣ አንዱ ዱባ።

የላክልኝን ዝርዝር ቁጭ ብዬ መዘንኩት። እስከ 50 መስመር ለሚቀይር ፑል ሪኩዌስት 1 ነጥብ ሰጠሁ። ከዚያ እስከ 400 መስመር ላለው 3፣ ከ400 በላይ ለሆነው 8። እንደ `package-lock.json` ያሉ በማሽን የሚጻፉ ፋይሎችን ከመስመር ቆጠራው አወጣኋቸው፤ ማንም ስለማያነባቸው። 400 ላይ ያቆምኩት በዘፈቀደ አይደለም። ሲስኮ ውስጥ የተሠራ የታወቀ የኮድ ሪቪው ጥናት አለ፤ በአንድ ጊዜ ከ200 እስከ 400 መስመር በላይ ሲነበብ ስህተት የማግኘት አቅም እየወረደ እንደሚሄድ ያሳያል።

ውጤቱ ይኸው። ባለ 31ዱ ልጅ 22 ትንንሽ፣ 8 መካከለኛና 1 ትልቅ አይቷል። 22 ሲደመር 24 ሲደመር 8፣ 54 ነጥብ። ባለ 12ቱ ደግሞ 2 ትንንሽ፣ 6 መካከለኛና 4 ትልልቅ አይቷል። 2 ሲደመር 18 ሲደመር 32፣ 52 ነጥብ። ልዩነቱ ሁለት ነጥብ ብቻ! ሁለተኛው ልጅ ዝም ብሎ ተሸክሟል፤ ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ግን ማንም አላየውም። አለቃህ እንዳለው በቁጥር እኩል ብታደርጉት ኖሮ የሚጎዳው እሱ ነበር።

ታዲያ የመጀመሪያውን ልጅ የከበደው ምንድን ነው? አንድን ነጥብ በግምት 10 ደቂቃ ብንለው፣ 54 ነጥብ በአራት ሳምንት 9 ሰዓት ነው። በሳምንት ሁለት ሰዓት ከሩብ። ጉግል በ2018 ባወጣው ጥናት የራሱ ዴቨሎፐሮች በአማካይ በሳምንት 3.2 ሰዓት ሪቪው ላይ እንደሚያጠፉ ገልጿል። ስለዚህ ሰዓቱ ብቻውን የሚያስለቅስ አይደለም። እሱን የሚገድለው 31 ጊዜ ከሥራው መነሳቱ ነው። ዝርዝርህ ላይ አሁን ያልታዩ 9 ጥያቄዎች እሱ ጋ አሉ፤ አንዱ አምስት ቀን ሆኖታል። ሁለተኛው ጋ ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው።

እንግዲህ በሽታው ሁለት ነው፣ መድኃኒቱም ሁለት። ከመጀመሪያው ትንንሾቹን አንሱለት፤ 50 መስመር ማንም ማየት ይችላል። ለሁለተኛው ደግሞ ጸሐፊዎቹ ትልልቁን ከፋፍለው ይላኩለት። የእኔ ነጥብ አሰጣጥ ግምት እንደሆነ አትርሳ። አንድ ሳምንት ሁለቱ ልጆች የወሰደባቸውን ደቂቃ በወረቀት ይያዙ፣ ከዚያ ነጥቡን ለእናንተ አስተካክሉት።

«ቁጥሩን ከየት ነው የማመጣው? በእጅ ልቆጥር?» (ባክኤንድ ዴቨሎፐር)

ጊትሃብ ላይ የፍለጋ ሳጥኑ ይበቃል።

```
is:pr is:open review-requested:USERNAME
is:pr reviewed-by:USERNAME -author:USERNAME merged:>=2025-03-01
```

የመጀመሪያው የተቆለለውን ያሳያል፣ ሁለተኛው የተሠራውን። ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛ፣ ሰውዬው አንዴ ሪቪው ከሰጠ ስሙ ከመጀመሪያው ዝርዝር ይወጣል። ስለዚህ «አስተያየት ሰጥቼ የጸሐፊውን እርማት እየጠበቅኩ ነው» የሚለው ሥራ እዚያ አይታይም። ሁለተኛ፣ ለቲም የተላከ ጥያቄ በእያንዳንዱ አባል ስም ይወጣል። አንድ ጥያቄ ስድስት ሰው ላይ ታይቶ ስድስት እንዳይመስላችሁ። በቀጥታ ለራስህ የመጣውን ብቻ ለማየት `user-review-requested:@me` ብለህ ፈልግ።

«የቲማችንን የሪቪው ድልድል `Load balance` ላይ አድርጌዋለሁ። አሁንም ግን ሁሉም ነገር እኔው ጋ ነው የሚመጣው። ምን አጠፋሁ?» (ሲኒየር ዴቨሎፐር)

ያጠፋኸው የለም። ድልድሉ የሚሠራው ጥያቄው ለቲሙ ሲላክ ነው። በስምህ ከተጠራህ ግን ጊትሃብ ምን ያድርግ?

በስም የሚጠሩህ ደግሞ በሁለት በር ነው። አንደኛው ልማድ ነው፦ «ለእሱ ላከው፣ ቶሎ ያየዋል።» ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ `CODEOWNERS` የሚባለው ፋይል ነው። የእናንተን ባላየውም እንዲህ የሚል መስመር እንዳለበት እገምታለሁ።

```
*           @ORG/backend
/payments/  @USERNAME
```

ይህ ፋይል የሚከተለው በመጨረሻ የገጠመውን መስመር ነው። አንድ ፋይል `/payments/` ውስጥ ከሆነ ላይኛው መስመር ለእሱ አይሠራም፤ የሚጠራው ያ አንድ ሰው ብቻ ነው። የሆነ ዘመን ላይ አንተ ብቻ ስለምታውቀው ተጻፈ፣ ከዚያ ማንም አልነካውም። መጀመሪያ ሦስት ሰው ያለበት ትንሽ ቲም ክፈት፣ ከዚያ መስመሩን እንዲህ ቀይረው።

```
*           @ORG/backend
/payments/  @ORG/payments-reviewers
```

አዲሱ ቲም በሪፖው ላይ የመጻፍ ፈቃድ ከሌለው መስመሩ አይሠራም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተሰናክሎ «ድልድሉ ተበላሽቷል» ይላል። የድልድሉ ማብሪያ ለየቲሙ ለየብቻ ስለሆነ ለአዲሱም አብራው።

ሌላው፣ `Load balance` በ30 ቀን ውስጥ ለእያንዳንዱ አባል እኩል ቁጥር እንዲደርስ ነው የሚጥረው። ገና ያልተነኩትንም ይቆጥራል፤ ክብደት ግን አያውቅም። እሱ ዘንድ ዱባም ሎሚ ነው። ስለዚህ ከ400 መስመር በላይ ለሆነው ጸሐፊው ከመላኩ በፊት ስላክ ላይ «ይሄን ማን ይችላል?» ብሎ ይጠይቅ። ትንንሹን ማሽኑ ይደልድል።

«ሪቪወራችን የዓመት እረፍት ወጣ። ጥያቄ ግን እየተላከለት ነው።»

ጊትሃብ ላይ ሁኔታውን `Busy` ያድርግ፤ የቲሙ ድልድል ያልፈዋል። በስም የሚጠሩትን ግን አያቆምም። ሁሉም አባላት `Busy` ከሆኑ ጥያቄው ቲሙ ላይ እንደተንጠለጠለ ይቀራል፤ በበዓል ሰሞን ይህን አስቡበት። ሰውዬው ከመሄዱ በፊት ደግሞ እጁ ላይ ያለውን በእጅ ለሌላ ያዛውር። ጊትሃብ እሱን በራሱ አይሠራላችሁም።

«ያቺ ሁሉም የሚጠራት ሰው እኔ ነኝ። የክፍያውን ኮድ የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ሌላ ሰው ሲያየው ስህተት ያልፋል ብዬ እፈራለሁ። እውነቱን ለመናገር መጠራቴም ደስ ይለኛል።» (ከአዲስ አበባ)

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ስለጻፍሽው አመሰግናለሁ፤ እኔም እዚያ ነበርኩ። ድሮ በሠራሁበት አንድ ቦታ «እሱ ካላየው መርጅ አይደረግም» ሲባል ደረቴ ይነፋ ነበር። ከዚያ ታምሜ ሦስት ቀን ቀረሁ፣ ሦስት ቀን ምንም አልወጣም። ያኔ ነው የገባኝ።

ፍርሃትሽ ግን ተገቢ ነው። ስለዚህ በድንገት አትልቀቂው፣ እየለካሽ ልቀቂው። አንድ ሰው ምረጪ። ክፍያን የሚነካ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ እሱ ይየው፣ አስተያየቱን ይጻፍ። አንቺ ከኋላ ሆነሽ ተመልከቺ፤ ያመለጠውን ብቻ በአንድ ወረቀት መዝግቢ። የክፍያ ማረጋገጫ ከባንኩ ሁለት ጊዜ ሲደርስ ሂሳብ ሁለቴ እንዳይመዘገብ የሚከላከለው ቼክ ተዘሎ እንደሆነ፣ ለምሳሌ። እንዲህ ያለውን የሚያውቅ አንቺ ብቻ ከሆንሽ ምክንያቱ አንቺ ጭንቅላት ውስጥ መቀመጡ ነው። አምስት ስድስት መስመር አድርገሽ ሪፖው ውስጥ ጻፊው። በተከታታይ ሁለት ሳምንት ወረቀትሽ ባዶ ከሆነ ልጁ ብቻውን ይችላል።

አንድ ነገር ልደብቅሽ አልፈልግም፦ በዚህ ጊዜ ሸክምሽ አይቀንስም። እንዲያውም ይጨምራል፤ ሁለት ሰው አንድ ኮድ እያያችሁ ነው። ለቲም ሊድሽ አስቀድመሽ ንገሪውና ከስፕሪንቱ ሌላ ሥራ ይቀንስልሽ። እስከዚያው እጅሽ ላይ ከአራት በላይ አትያዢ። አምስተኛው ሲመጣ ዝም አትበዪ፤ «ዛሬ አልደርስም፣ እገሌን ጠይቀው» ብለሽ ወዲያው መልሺ። ጸሐፊውን የሚጎዳው ዝምታው ነው፤ እምቢታማ ሌላ ሰው እንዲፈልግ ጊዜ ይሰጠዋል።

«አለቃችን ማን ስንት ሪቪው እንደሠራ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ግድግዳ ላይ ሊሰቅል ነው። ለዓመቱ ግምገማም ሊጠቀምበት አስቧል።»

ቁጥሩ በሁለተኛው ሳምንት ያምራል፣ ሪቪው ግን ይሞታል። ሰው ትንንሹን ይሻማል፣ ትልቁ ደጅ ያድራል። ምልክቱን ማየት ቀላል ነው፦ 600 መስመር ያለው ፑል ሪኩዌስት በሦስት ደቂቃ ውስጥ ያለ አንዲት አስተያየት አፕሩቭ ሲደረግ። አንዴ ከሆነ ሰውዬው ቀድሞ አይቶት ይሆናል። በሳምንት አራቴ ከሆነ ማንም እያነበበ አይደለም።

አለቃህ የግድ አንድ ነገር መስቀል ካማረው የሰው ስም የሌለበትን ይስቀል፦ ካልታዩት ጥያቄዎች ትልቁ ዕድሜ ስንት ቀን ነው? የሰዎቹን ሸክም ግን ቲሙ ብቻውን ሰኞ ጠዋት አሥር ደቂቃ ወስዶ ይየው። የማን ሞልቷል፣ የማን ጎድሏል፣ የትኛውን አሁኑኑ ላንሳልህ። ዝርዝሩን ከፍተው እዚያው ያዛውሩ፣ ከዚያ ወደ ሥራ።