በ17.5.1 ውስጥ ያሉት ሦስት ቁጥሮች

«አይፎኔ አንዴ 17.5፣ አንዴ 17.5.1፣ አሁን ደግሞ 18 ጫን ይለኛል። ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

እነዚህ አይፎንህን የሚያሠራው ሶፍትዌር፣ የiOS፣ የስሪት ቁጥሮች ናቸው። 17.5.1ን ከቀኝ ጀምረህ አንብበው። የመጨረሻዋ 1 ፓች ናት፤ የተበላሸውን ትጠግናለች። 17.5.1 ግንቦት 2016 ላይ የወጣው፣ አንዳንድ ሰዎች ያጠፏቸው ፎቶዎች ተመልሰው ብቅ ስላሉ ነው። ፓች ብዙ ጊዜ የደህንነት ቀዳዳም ይደፍናል። ስለዚህ ባታዘገየው እመርጣለሁ።

መሃል ያለው 5 አነስተኛ አፕዴት ነው። አዲስ ነገር ይጨምራል። ለምሳሌ 17.5 የማታውቀው የሌላ ኩባንያ ብሉቱዝ መከታተያ አብሮህ ሲጓዝ ያስጠነቅቅሃል።

የፊተኛው ሲቀየር ግን ቆም በል። 17 ሲመጣ አይፎን 8 ጭራሽ አልተቀበለውም። ስልክህ ቢቀበለውም የቆዩ አፖች እምቢ ሊሉ ይችላሉ፣ ወደ ድሮው መመለሱም ይከብዳል። መጀመሪያ ባክአፕ አድርግ። የባንክ አፕህ በአዲሱ ላይ መሥራቱንም አጣራ።