ፍላሹ የበላው የላብ ዳታ

«ጋሼ፣ የኬሚስትሪ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የኢታኖልና የውሃ ዲስቲሌሽን ሠርተን ንባቡን ኤክሴል ላይ ገልብጬ ወረቀቱን ጣልኩት። ማራኪ አካባቢ ኮምፒውተር ቤት ሳሳትም ፍላሹን ቫይረስ በላው። ሪፖርቱ ‹ጥሬ ዳታ የለውም› ተብሎ ተመለሰብኝ። በድጋሚ ላስገባ ብዬ ለመምህሩ ምን ብዬ ልጻፍ? ጓደኞቼ ከመጽሐፍ ሞልተህ ስጥ ይሉኛል።»

መጀመሪያ ፍላሹን ፈትሸው። ስትሰካው «ፎርማት ይደረግ?» ካለህ እሺ አትበል፤ አዲስ ፋይልም አትጫንበት። ፎልደሮቹ ሾርትከት ሆነው ወይም ጭራሽ ባዶ መስሎ እየታየህ፣ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ግን የተያዘው ቦታ እንደ ድሮው ከሆነ ፋይሉ አለ፤ ቫይረሱ ደብቆት ነው። ሾርትከቱን ሳትከፍት ጸረ-ቫይረስ ባለው ኮምፒውተር ካጸዳኸው በኋላ `cmd` ላይ ይህን ጻፍ፤ `E`ን በፍላሽህ ፊደል ቀይረው።

```
attrib -h -r -s /s /d E:\*.*
```

ቴሌግራም ላይ ለቡድናችሁ ልከኸው እንደሆነም ወደ ኋላ ሄደህ ፈልግ። ከተገኘ ደብዳቤ አያስፈልግህም፤ አትመህ አያይዘው።

ካልተገኘ የጓደኞችህን ምክር አትስማ። መጽሐፉ ላይ ያለው ሰንጠረዥ የባሕር ጠለል ሰንጠረዥ ነው፤ ንጹህ ኢታኖል በ78 ዲግሪ፣ ውሃ በ100 ይፈላል ይልሃል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ውሃ በ93 አካባቢ፣ ንጹህ ኢታኖል በ72 አካባቢ ይፈላል። አንድ ጊዜ የመጨረሻውን ንባብ 100 ብሎ ያስገባ ልጅ ነበር። መምህሩ ምንም አላሉትም፤ ቢከር ውስጥ ውሃ አፍልተው ቴርሞሜትሩን እጁ ላይ ሰጡትና «አንብብልኝ» አሉት። ሌላው ደግሞ 78.37 ብሎ ጽፎ ነበር፤ የኛ ቴርሞሜትር በ1 ዲግሪ የተከፋፈለ ነውና ዓይንህ ቢጨነቅ ግማሽ ዲግሪ ነው የሚለየው።

ስለዚህ ደብዳቤው የጠፋውን ጠፋ፣ ያለውን አለ ይበል። የቡድን ጓደኞችህን ደብተር አስቀድመህ ጠይቅ። በየ2 ሚሊ ሊትሩ እያነበባችሁ እስከ 40 ደርሳችሁ ከነበረ 20 ንባብ አላችሁ ማለት ነው። አንዷ ጓደኛህ የመጀመሪያዎቹን 10 ይዛ ተገኘች እንበል፤ ደብዳቤው እንዲህ ይሆናል፦

«ለኮርሱ መምህር
ጉዳዩ፦ የላብራቶሪ ሪፖርት በድጋሚ ለማስገባት ስለመጠየቅ
ህዳር 9 ቀን ከቡድን 3 ጋር የሠራሁት የዲስቲሌሽን ሪፖርት ጥሬ ዳታ ስላልተያያዘበት ተመልሶብኛል። ንባቡን ኤክሴል ላይ ከገለበጥኩ በኋላ ወረቀቱን ጥያለሁ፤ ፋይሉ የነበረበት ፍላሽም ህዳር 14 ቀን ተበላሽቷል። ለማውጣት ሞክሬ አልቻልኩም። በቡድን ጓደኛዬ ደብተር ከ20 ንባቦች የመጀመሪያዎቹ 10 ተገኝተዋል፤ የቀሩት የሉም። በመሆኑም ሙከራውን በሚቀጥለው የላብ ፕሮግራም ደግሜ ሪፖርቱን በአዲሱ ዳታ እንዳስገባ እንዲፈቀድልኝ በትህትና እጠይቃለሁ።»

ወረቀቱን መጣልህን አትዝለለው። መምህሩ መጀመሪያ የሚጠይቁህ እሱን ነው፤ ጥፋቱን ሁሉ በቫይረሱ ካላከክህ ሌላውንም ይጠራጠሩታል።

የጓደኛህ 10 ንባቦች በአንድ ዕቃ፣ በአንድ ሰዓት አብራችሁ የሠራችሁት ስለሆነ ያንተም ናቸው፤ «ከቡድን ጓደኛ ደብተር የተገለበጠ» ብለህ ልታያይዛቸው ትችላለህ። የሌላ ቡድን ንባብ ግን ያንተ አይደለም። የቀሩትን 10 በመስመር ቀጥለህ እሞላለሁ እንዳትል። መጀመሪያ ላይ ኢታኖሉ እየወጣ ሳለ ቴርሞሜትሩ ብዙም አይንቀሳቀስም፤ ኢታኖሉ ሲያልቅ ወደ ውሃው መፍያ ሽቅብ ይወጣል። እኩል በእኩል በተቀላቀለ 50 ሚሊ ሊትር ይህ የሚታየው ከግማሹ ወዲያ ነው፤ የጠፋብህም እሱ ነው። ከመጀመሪያዎቹ 10 ተነስተህ መቼ እንደሚወጣ ማወቅ አትችልም።

ከተፈቀደልህ ከላብ ቴክኒሻኑ ጋር ኢታኖሉና ኮንደንሰሩ ያሉበትን ቀን ተነጋገር፤ ከነማዘጋጀቱ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጅብሃል። አዲሱ ግራፍ ከበፊቱ ጋር ላይገጥም ይችላል፤ ድብልቁ ትንሽ ቢለይ፣ እሳቱ ቢፈጥን ይለወጣል። አዲሱን ቀን ጻፍበት፤ ስሌቱንም ውይይቱንም ከአዲሱ ንባብ ተነስተህ እንደገና ሥራው፤ የድሮውን ድምዳሜ አትለጥፍበት። ንባቡን በእስክሪብቶ በደብተርህ ላይ ጻፍ፤ ከላብ ሳትወጣ ገጹን በስልክህ አንሳውና ቴሌግራም `Saved Messages` ላይ አስቀምጠው።

ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ ይዘህ ሂድ። አንዱን ስትሰጥ፣ ባንተ ኮፒ ላይ የተቀበለው ሰው ቀን ጽፎ ይፈርምልህ።