ከተንጋደደ ፎቶ ላይ ኳድራቲክ ፋክተር ለምታደርጉ ልጆች

የሒሳብ ጥያቄ በቴሌግራም እየተቀባበላችሁ ለምታጠኑ ልጆች ይድረስ።

መጽሐፉ ፊት ለፊታችሁ ሲሆን የሚያሳስባችሁ የትኛው መንገድ ቶሎ ያደርሳል የሚለው ብቻ ነው። ጓደኛችሁ ደብተሩን ከጎን አንስቶ ሲልክላችሁ ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ የተጻፈው በእርግጥ ምንድን ነው? በንባብ የገባ ስህተት ከስሌቱ ውስጥ ስለሌለ፣ ሥራችሁን ደጋግማችሁ ብታዩትም አታገኙትም።

የተንጋደደ ፎቶ የሚያሳስተው በታወቀ መንገድ ነው። መስመሩ ወደ ቀኝ ቁልቁል ሲወርድ የ x² ትንሿ 2 ከ x ጋር እኩል ትሆንና x2 ትመስላለች። ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ ተራው ቁጥር ከፍ ብሎ ኤክስፖነንት ይመስላል። ከካሜራው የራቀው የገጹ ጫፍ ስለሚያንስና ስለሚደበዝዝ 7 እና 1 ይምታታሉ። የወረቀት እጥፋት ጥላ ማይነስ ይመስላል፤ እውነተኛውን ማይነስ ደግሞ የመብራት ነጸብራቅ ይበላዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የወረቀት ጠርዝ በስልኩ ስክሪን ላይ አድርጋችሁ ከመስመሩ ሥር አስጠጉት፤ ተራ ቁጥሮችና ፊደሎች ጠርዙን ይነካሉ፣ ኤክስፖነንቷ ግን አየር ላይ ትቀራለች። የስልኩ ፎቶ ማስተካከያ ገጹን የሚያቃና መሣሪያ ካለው እሱም ይረዳል፤ የጠፋ ማይነስ ግን አይመልስም።

አሁን አንድ ጥያቄ እንውሰድ። ትእዛዙ «ፋክተር አድርጉ» ይላል፤ በፎቶው የሚታየው 6x²፣ ቀጥሎ 7 ወይም 1 የሚመስል ነገር ከ x ጋር፣ መጨረሻ ላይ 20። ምልክቶቹ በደንብ አይለዩም። ፋክተር ለማድረግ ከመቸኮል በፊት ዲስክሪሚናንቱን ማለትም b² − 4ac አስሉ። ኮፊሸንቶቹ ሙሉ ቁጥር ሲሆኑ፣ በሙሉ ቁጥር ፋክተር የሚሆነው ይህ ውጤት ፍጹም ካሬ ሲሆን ብቻ ነውና።

6x² − x − 20 ብላችሁ ካነበባችሁ 1 + 480 = 481 ይመጣል። 21² 441፣ 22² ደግሞ 484 ስለሆነ 481 ካሬ አይደለም። 6x² − 7x + 20 ካላችሁ 49 − 480 ኔጋቲቭ ነው፤ ይኼም ይወድቃል። 6x² − 7x − 20 ካላችሁ ግን 49 + 480 = 529 ነው፣ እሱም 23²። ስለዚህ ቁጥሩ 7 ነው፣ ከ20 በፊት ያለውም ማይነስ ነው ብሎ መያዝ ይቻላል። (ካሬ መሆኑን ለመገመት አንድ አቋራጭ፦ በ2፣ በ3፣ በ7 ወይም በ8 የሚያልቅ ቁጥር ፈጽሞ ፍጹም ካሬ አይሆንም።)

ይህ ፈተና ግን ዓይነ ስውር የሚሆንበት ቦታ አለ፤ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። b በካሬ ስለሚገባ የመካከለኛው ምልክት ቢገለበጥ ውጤቱ ያው ነው፤ 6x² + 7x − 20 ም 529 ይሰጣል። የመጨረሻው ምልክትም አንዳንዴ ያመልጣል። x² + 5x + 6 እና x² + 5x − 6 ሁለቱም ፋክተር ይሆናሉ፤ የመጀመሪያው (x + 2)(x + 3)፣ ሁለተኛው (x + 6)(x − 1)። ደግሞም ትእዛዙ «እኩልታውን ፍቱ» ከሆነ ካሬ አለመምጣቱ የንባብ ስህተት አያረጋግጥም፤ መልሱ ስኩዌር ሩት ያለበት ሊሆን ይችላል።

ጽሑፉ ከተረጋገጠ በኋላ የመንገድ ምርጫ ይመጣል። ሁልጊዜ መጀመሪያ የጋራ አባዢ አውጡ፤ 12x² − 14x − 40 ን ሳይቀንሱ መታገል ከንቱ ድካም ነው፣ 2 ሲወጣ ከላይ ያየነው ጥያቄ ነው። መካከለኛው ከሌለና 9x² − 25 ዓይነት ከሆነ የሁለት ካሬ ልዩነት ነው፤ (3x − 5)(3x + 5) ብላችሁ እለፉ። የ x² ኮፊሸንት 1 ከሆነ ብዜታቸው c፣ ድምራቸው b የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮችን በቃል መፈለግን የሚቀድም ነገር የለም።

ብዙዎች የሚዘሉት አንድ ፈጣን ፍተሻ አለ። ሦስቱን ኮፊሸንቶች ደምሩ፤ ዜሮ ከሆኑ (x − 1) አባዢ ነው። 37x² − 52x + 15 ያስፈራል፤ ግን 37 − 52 + 15 = 0 ስለሆነ ወዲያው (x − 1)(37x − 15) ነው። a − b + c ዜሮ ከሆነ ደግሞ (x + 1) አባዢ ነው።

ከነዚህ ውጪ ሲሆን የተለመደው መካከለኛውን መክፈል ነው፤ ብዜታቸው ac፣ ድምራቸው b የሆኑ ሁለት ቁጥሮች ይፈለጋሉ። ac ትንሽ ሲሆን ፈጣኑ እሱ ነው። ac ሲተልቅ ግን ፍለጋው ጊዜ ይበላል፤ በ24x² + 2x − 35 ac −840 ነው፣ የ840 ጥንዶች ደግሞ 16 ናቸው። እዚህ ላይ ለንባብ ፈተና ያሰላችሁት ዲስክሪሚናንት ሁለተኛ ጥቅም ይሰጣችኋል፤ የምትፈልጓቸው ቁጥሮች b ላይ ስኩዌር ሩቱን ደምሮና ቀንሶ ለ2 ማካፈል ናቸው።

ወደ ጥያቄያችን ስንመለስ ስኩዌር ሩቱ 23 ነበር። (−7 + 23) ÷ 2 = 8፣ (−7 − 23) ÷ 2 = −15። ያለ ፍለጋ ተገኙ፦

6x² + 8x − 15x − 20
= 2x(3x + 4) − 5(3x + 4)
= (3x + 4)(2x − 5)

በ24x² + 2x − 35ም ዲስክሪሚናንቱ 4 + 3360 = 3364፣ ሩቱ 58፣ ቁጥሮቹ 30 እና −28፤ መልሱ (4x + 5)(6x − 7)። ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ በጠራ ገጽ ላይ፣ ቁጥሮቹ ትንንሽ ሲሆኑ ዲስክሪሚናንት ማስላት ትርፍ ሥራ ነው። በተበላሸ ፎቶ ላይ ግን አንዴ ተሰልቶ ለንባቡም ለመክፈሉም ያገለግላል።

ሙሉውን ፎርሙላ ተጠቅማችሁ ሥሮቹን ማውጣት ትችላላችሁ፤ 5/2 እና −4/3 ይመጣሉ። ችግሩ ብዙ ተማሪ (x − 5/2)(x + 4/3) ብሎ ማቆሙ ነው። ከፊት 6 ጠፍቷል። 6ን 2 ጊዜ 3 ብላችሁ 2ን ለመጀመሪያው ቅንፍ፣ 3ን ለሁለተኛው ስጡ። ፋክተር ማድረግ ብቻ ለተጠየቀ ጥያቄ ይህ ረጅሙ መንገድ ነው፤ ካሬ ማሟላትም እንደዚሁ፣ እሱ ለግራፉ ጫፍ ይቆይ።

ስትጨርሱ x = 2 አስገቡ፤ 24 − 14 − 20 = −10፣ በቅንፎቹም 10 × (−1) = −10። ይህ ግን መልሱ እናንተ ከጻፋችሁት ጋር መስማማቱን እንጂ ከፎቶው ጋር መስማማቱን አይነግራችሁም። ከ7x በፊት ያለው ምልክት አሁንም ካጠራጠራችሁ ላኪውን «ከሰባቱ በፊት ፕላስ ነው ማይነስ?» ብላችሁ ጠይቁት። እንደገና የሚያነሳ ከሆነ ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርጎ ያቺን አንድ መስመር ብቻ ያንሳ፤ ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፣ እንደ ፎቶ ሲላክ ምስሉ ይጨመቃልና።