ከአሜሪካ የመጣ ኮንሶልና የግቢያችን መብራት፦ ጥያቄና መልስ

ኮንሶል እጠግናለሁ። ዛሬ ስለ መብራት ብቻ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የቻልኩትን መልሻለሁ።

«አክስቴ ከዲሲ ፒኤስ5 ይዛልኝ መጣች። የአሜሪካ ስለሆነ 110 ነው፣ ኮንቨርተር ያስፈልገዋል ተባልኩ። ስንት ዋት ልግዛ?»

አትግዛ። የፒኤስ5 ፓወር ሰፕላይ የአሜሪካንም የእኛንም መብራት ይቀበላል። እኔን ብቻ ግን አትመን። ኮንሶሉ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ፈልግና ቮልቱን አንብብ። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ሰካው።

የሚቸግርህ ስፒናው ብቻ ነው። ለእሱም አስማሚ አትፈልግ፤ የላላ አስማሚ ሲሞቅና ሲቀልጥ ብዙ አይቻለሁ። የኮንሶሉ ገመድ ከኋላው ይነቀላል። አፉ እንደ 8 ቁጥር ነው፣ የድሮ ቴፕ ገመድ ማለት ነው። የእኛን ክብ ስፒና ያለውን ገዝተህ ቀይረው፣ አለቀ።

«የኔም ከአሜሪካ ነው፣ 55 ኢንች። እሱም ገመድ ልቀይርለት?»

አንተ የምትለው ቲቪ ነው መሰለኝ። መልሱ ግን ያው ነው፤ ጀርባውን አንብብ። 120 ብቻ ካለ ገመድ መቀየር ማቃጠል ነው።

«ወንድሜ ከካናዳ ኤክስቦክስ 360 ላከልኝ። ስፒናውን ቀይሬ ስሰካው ቷ ብሎ ጨሰ። በቃ ሞተ?»

የጨሰው ኮንሶሉ ነው ወይስ ገመዱ መሀል ያለው ጡብ የሚያህለው አዳፕተር? አዳፕተሩ ከሆነ ተስፋ አለ።

የካናዳና የአሜሪካው የ360 አዳፕተር የሚችለው እስከ 127 ቮልት ነው። የእኛ 220 ውስጡ ገብቶ ወደ ዲሲ ከረንት ሲቀየር 310 ቮልት አካባቢ ይደርሳል። እዚያ የተቀመጠው ካፓሲተር አብዛኛውን ጊዜ የ200 ቮልት ነው። የሰማኸው «ቷ» እሱ ሲፈነዳ ነው። ኮንሶሉ ራሱ ግን ከአዳፕተሩ የሚቀበለው ከ12 ቮልት አይበልጥም። ብዙ ጊዜ አዳፕተሩ ሞቶ ኮንሶሉ ይተርፋል።

ስለዚህ የ220 አዳፕተር ከሰው ተውሰህ ሞክረው። ከሠራ ያንኑ ግዛ። ሲገዙ የሚሳሳቱበት ነገር አለ፦ የመጀመሪያዎቹ 360ዎች 203 ዋት አዳፕተር ይፈልጋሉ፣ ቀጥለው የመጡት 175፣ ከዚያ 150። ትልቁ አዳፕተር ለትንሹ ይገባል፣ ትንሹ ለትልቁ አይገባም። አልገባም ካለ በጉልበት አትግፋ፣ ሆን ተብሎ ነው። ቀጭኑ ሞዴል ደግሞ አፉም ሌላ ነው።

«ለሱ ትራንስፎርመር ቢገዛስ? እኔ 1600 ዋት የሚል ትንሽ ኮንቨርተር አለኝ፣ በኪስ ይገባል።»

በኪስ የሚገባው ለፀጉር ማድረቂያ ነው፤ ለኮንሶል አትስጠው። ሞገዱን ይቆራርጠዋል። ትክክለኛው ትራንስፎርመር ብረት አለው፣ ከባድ ነው። የ203 ዋት አዳፕተር ከግድግዳው የሚስበው ከዚያ ይበልጣል፣ ስለዚህ 500 ዋት የሚል ውሰድ። ሁለት ሰዓት ከተጫወትክ በኋላ ንካው። ለብ ማለቱ ደህና ነው፤ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ግን የተጻፈው ዋት ውሸት ነው።

«ልጄ ሲጫወት እንጀራ ልጋግር ምጣዱን ስሰካ መብራቱ ፍዝዝ ይላል። “ኮንሶሌን አቃጠልሽው” ብሎ ይጮህብኛል። ስታቢላይዘር ልግዛለት?»

እናቴ፣ እርስዎ ተረጋግተው ይጋግሩ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት አካባቢ ነው፤ 16 አምፒር ይስባል። ከቆጣሪው እስከ ቤትዎ ያለው ሽቦ ረጅምና ቀጭን ከሆነ ቮልቱ መንገድ ላይ ይቀራል። አንድ ደንበኛዬ ቤት ለክቼ 220 የነበረው ምጣዱ ሲበራ 165 ወርዷል። ከ100 እስከ 240 ለሚቀበል ኮንሶል 165 ምንም አይደለም፣ ልጁም ልዩነቱን አያውቀውም። የሚጎዳው ፍሪጅዎ ነው። ስታቢላይዘር ከገዙ ለእሱ ይሁን።

እንዲያውም ኮንሶሉን ስታቢላይዘር ላይ ባይሰኩት እመርጣለሁ። ለምን ቢሉ፣ ስታቢላይዘሩ 165ቱን ወደ 220 ለማድረስ በ1.33 እያበዛ ነው። እርስዎ ምጣዱን ሲያጠፉ የሚገባው ወዲያው 220 ይሆናል። «ቀጭ» ብሎ እስኪቀይር ድረስ ለቅጽበት የሚወጣው 290 አካባቢ ነው። በሞተር የሚዞረው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ቅጽበቷ ትረዝማለች። ከዝቅተኛው ሊጠብቀው የተገዛ ዕቃ ከፍተኛውን ይሰጠዋል ማለት ነው።

«አልስማማም። እኔ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። 5000 ዋት ስታቢላይዘር ገጥሜ ቤቱን ሙሉ በሱ ነው የማስኬደው፣ 4 ዓመት ምንም አልተቃጠለም።»

ወንድሜ፣ በግማሹ ልክ ነህ። ያዳነህ ግን ማረጋጋቱ ሳይሆን ከልክ ሲያልፍ መቁረጡ ይመስለኛል። ኮንሶል ገዳዩ ኒውትራል የሚባለው የመመለሻ ሽቦ ሲበጠስ ነው። ያኔ የአንዱ ቤት ቮልት ይወርዳል፣ የጎረቤቱ ወደ 380 ይወጣል። ጠረጴዛዬ ላይ ፓወር ሰፕላያቸው ጠቁሮ የሚመጡት አብዛኞቹ የዚህ ሰለባ ናቸው፤ አንዳንዴ ከአንድ ግቢ ሦስት ዕቃ አብሮ ይመጣል።

ለዚህ የሚሆነው ቁጥር የሚያሳየው ትንሹ ፕሮቴክተር ነው። የሚስተካከል ከሆነ ላዩን 250፣ ታቹን 150 አድርጉት። ታቹን 180 ካደረጋችሁት ምጣድ በተሰካ ቁጥር ጨዋታው ይቋረጣል፣ ከዚያ ጸቡ ከእናት ጋር ነው። መብራት ሲመለስ 3 ደቂቃ እንዲጠብቅም ሙሉት። መብረቅን ግን አይችልም። ሰማዩ ካጉረመረመ ንቀሉ።

«ጌም ቤት አለኝ፣ 6 ፒኤስ4። መብራት ድንገት ሲሄድ አንዳንዱ ሲነሳ ዲስኩን ልጠግን እያለ ይቆያል። ለስድስቱም አንድ 1000 ዩፒኤስ ይበቃል?»

አይበቃም። 1000 የሚለው ቪኤ ነው፤ በዋት ብዙዎቹ 600 አካባቢ ናቸው። ኮንሶሎችህ ወፍራሞቹ ከሆኑ እያንዳንዱን 150 ብለህ ያዝ፣ ስድስቱ 900 ነው። ሁለት ዩፒኤስ ግዛና ሦስት ሦስት አድርግ፤ ቲቪዎቹን አትሰካባቸው። ጨዋታውን ለማስቀጠል ባትሪው አይበቃም፣ የምትፈልገው በሥርዓት ማጥፊያ ደቂቃ ነው። ቲቪው ቢጠፋም የኮንሶሉን ቁልፍ ሁለተኛ ቢፕ እስኪል ተጭነህ ብትይዝ ይዘጋል። ማታም በእንቅልፍ አትተዋቸው፣ አጥፋቸው።

አንድ ነገር ብቻ፦ ርካሽ ዩፒኤስ በባትሪ ሲሠራ የሚያወጣው ሞገድ ደረጃ ደረጃ ነው። የማይወደው ኮንሶል አለ። አንዱን ኮንሶል ሱቁ ድረስ ይዘህ ሂድ፣ ጨዋታ ክፈትበትና ዩፒኤሱን ከግድግዳ ንቀለው።

«ሞክሬ መጣሁ። ሦስት ኮንሶል ወሰድኩ። ሁለቱ ቀጠሉ፣ አንዱ ጥፍት አለ። ዩፒኤሱ ነው ኮንሶሉ?»

የጠፋው ያው ዲስክ ልጠግን የሚለው ነው? እሱን ለብቻው ዩፒኤሱ ላይ ሰክተህ ድገመው። ለብቻውም ከጠፋ ይዘኸው ና፤ ፓወር ሰፕላዩ ደክሞ ይሆናል፣ ሳልከፍተው ግን አልምልልህም። ብቻውን ሆኖ ከቀጠለ ደግሞ ዩፒኤሱ ሦስቱን አልቻለም ማለት ነው፤ እስኪ ሻጩ የጻፈውን ዋት ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።