ለሕግ ተማሪዎች፦ በአንድ ካርድ አንድ ፍሬ ነገር ብቻ ጻፉ

ልጆቼ፣ ጅማ ውስጥ ብዙ ዓመት በጥብቅና ሠርቻለሁ። ለተግባር ልምምድ ቢሮዬ ከሚመጡት የሕግ ተማሪዎች ብዙዎቹ በካርድ ያጠናሉ። ዘዴው ጥሩ ነው። ካርዱ ላይ ግን ሙሉ አንቀጽ ይገለብጡበታል። ደንቡን ስጠይቃቸው ይመልሳሉ፣ ልዩ ሁኔታው ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ።

የ1996ቱን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 እንውሰድ፣ ሕጋዊ መከላከልን። በአንድ ካርድ ከጻፋችሁት ሦስቱን ነጥብ ታስታውሱና “ይሄንንማ አውቀዋለሁ” ብላችሁ ታልፋላችሁ። ስለዚህ አንዱ ካርድ “ስንት ፍሬ ነገር አለው?” ብቻ ይበል። እኔ አምስት አድርጌ እቆጥራቸዋለሁ፦ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ ጥቃት፣ ጥቃቱ ሕገ ወጥ መሆኑ፣ ሕግ በሚጠብቀው መብት ላይ መሆኑ፣ በሌላ መንገድ ማስቀረት አለመቻሉ፣ መከላከሉ ተመጣጣኝ መሆኑ። ከዚያ ለእያንዳንዱ የራሱን ካርድ ሥሩ።

ከመጠን ያለፈ መከላከልን የሚመለከተው አንቀጽ 79 ደግሞ ለብቻው ይሁን። እሱን በትርጉም ሳይሆን በታሪክ ጠይቁት። ለምሳሌ፦ ሌሊት የቡና መጋዘን ዘበኛ ላይ አንድ ሌባ በባዶ እጁ ይመጣበታል። ዘበኛው ማምለጫ የለውም። በገጀራ ይመታዋል። ሌሎቹ ፍሬ ነገሮች አሉ፣ የጎደለው ተመጣጣኝነቱ ነው። ስለዚህ 78 ነጻ አያወጣውም፤ ጉዳዩ ወደ 79 ይሄዳል፣ ቅጣቱም ይቀልለታል። ከመጠን ያለፈው ጥቃቱ ባመጣበት ፍርሃት ወይም ድንጋጤ ከሆነና ይህም ይቅር የሚባል ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ ጭራሽ ላይቀጣው ይችላል። ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ ሌላ ካርድ ትፈልጋለች። ተማሪ የሚጥለው እሷን ነው።

የካርዶቹ ማስቀመጫ የጫማ ካርቶን ይበቃል። በውስጡ ነገ፣ ከ3 ቀን በኋላ፣ ከሳምንት፣ ከሁለት ሳምንት፣ ከወር የሚል ክፍል ይኑረው። የመለሳችሁት ካርድ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል። የሳታችሁት ወደ “ነገ” ይመለሳል። ዙሩን ስልክ ላይ Anki በሚባል የካርድ መተግበሪያ መሥራትም ይቻላል። መልሱን ግን ካርዱን ሳትገለብጡ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። በልብ “አዎ አዎ” ማለት ማስታወስ አይደለም።

አንድ ምልክት ልንገራችሁ። ጥያቄውን አንብባችሁ ሳትጨርሱ መልሱ ከአፋችሁ ከወጣ፣ የያዛችሁት የካርዱን መልክ ነው። ያኔ ታሪኩን ቀይሩት። ሌባው ሽጉጥ ይዞ ይምጣ። ወይም ሮጦ ካመለጠ በኋላ ዘበኛው አሳዶ ይምታው። አሁን የተነካው የትኛው ፍሬ ነገር እንደሆነ ተናገሩ። የፈተናም ሆነ የችሎት ጥያቄ የሚመጣው እንዲህ ተለውጦ ነው፤ ካርድ ብቻውን እዚያ አያደርስም፣ መዝገብ ማንበብም ይጠይቃል።

በካርዱ ጥግ ላይ የአንቀጹን ቁጥርና ሕጉ የወጣበትን ዓመት ጻፉ። አንቀጹ ከተሻሻለ ያንን ካርድ ቀድዳችሁ ጣሉት። አዲሱን ጽፋችሁ “ነገ” ከሚለው ክፍል አስጀምሩት።